መልሱ በስምንተኛው ገጽ ነበረ
የረጅም መመሪያ ንዑስ ርእሶች አወጣጥ

ባለፈው የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ የማኅበራችን የጽሑፍ ኮሚቴ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ዐሥራ አንድ ገጽ መመሪያ አዘጋጅቶ፣ በማባዣ መኪና አባዝቶ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ላሉት ወንድሞችና እኅቶች አደለ። ጽሑፉ የተጣራ ነበር። ያልተጠየቀ ጽሕፈት ቤት፣ ያልተነካ ደንብ አልነበረም። በርእሱ ሥር ያለው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ ያልተቋረጠ አንድ ወጥ ጽሑፍ ነበር፤ አንቀጽ ከአንቀጽ ይከተላል እንጂ የትኛው አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር የሚጠቁም ምልክት አልነበረበትም።

በሁለተኛው መንፈቅ አጋማሽ ኮምቦልቻ ከሚኖሩት ጓደኞቻችን አንዱ ታመመ። ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ለመታከም ቆረጠና ከመሄዱ በፊት ማድረግ ያለበት ነገር እንዳለ ለማየት የዶርም ጓደኛውን መመሪያውን እንዲያይለት ለመነው። ጓደኛውም ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። ምንም አላገኘም። በማግስቱ ታማሚው አውቶቡስ ተሳፈረ። ድኖ ሲመለስ ግን የማቋረጫ ፎርም ሳይሞላ የሄደ ተማሪ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም አንድ ዓመት ሙሉ ተቃጠለበት።

ደንቡ በመመሪያችን ውስጥ ነበር። በስምንተኛው ገጽ፣ በቤተ መጻሕፍት የመዋሻ ካርድ በሚጀምር ረጅም አንቀጽ ሆድ ውስጥ፣ በዐሥራ ሦስተኛው መሥመር ተጽፎ ነበር። ጽፈነዋልና ሥራችንን ፈጽመናል ልንል አንችልም፤ የሚፈልገው ሰው ሊያገኘው ያልቻለ ደንብ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ስለዚህ መመሪያውን እንደገና ጻፍነው። እንዴት እንደጻፍነው፣ መጀመሪያም የት እንደተሳሳትን ከዚህ በታች እናስረዳለን፤ የክበብ ደንብም ሆነ የቤተ ሙከራ መመሪያ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አዘገጃጀት የሚጽፉ ጓደኞቻችን ያው ጉድጓድ እንዳያገኛቸው ብለን ነው።

፩. መመሪያ የሚገልጥ ሰው ምን ያደርጋል

ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይነሣል። መመሪያ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ዐይኑ ገጹን ከላይ ወደ ታች ይቃኛል፤ የሚያርፈውም በሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ለብቻው በቆመ መሥመር ላይ፣ በአንቀጽ የመጀመሪያ ቃላት ላይ፣ በቁጥር ላይ። በእነዚህ ቦታዎች የጥያቄውን ቃል ካላገኘ ገጹን ይገለብጣል። ሁለት ሦስት ገጽ ገልብጦ ካጣ ወረቀቱን አስቀምጦ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰው ዐሥራ አንድ ገጽ እንዲያነብ መጠበቅ የጸሐፊው የዋህነት ነው።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የምዕራፍና የአንቀጽ መጀመሪያ በቀይ ቀለም የሚጻፈው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ካህኑ በቅዳሴ መካከል ሊፈልገው የሚገባውን ቦታ ዐይኑ ወዲያው እንዲያገኝ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶች የሚጠኑት የፍቅህ መጻሕፍትም በኪታብ፣ በባብና በፈስል የተከፈሉ ናቸው፤ ደረሳው ስለ ዘካ ሲጠየቅ ስለ ሶላት የተጻፈውን ሁሉ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጽ ተከፍሎ፣ እስከ 22ኛው መንፈሳዊው፣ ከ23ኛው ጀምሮ ሥጋዊው ሕግ ተለይቶ ተቀምጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ 3367 አንቀጾች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ አንቀጽ ከቁጥሩ ጋር የራሱ አጭር ርእስ አለው። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ጠበቃ ብዙ አይገኝም፤ የሚፈልገውን አንቀጽ ማግኘት የማይችል ጠበቃ ግን ሥራውን አያውቅም። ይህን ያህል ትልቅ መጽሐፍ ለሥራ የሚመቸው በእነዚያ አጫጭር ርእሶች ምክንያት ነው።

ነገሩ በፈተናም ተረጋግጧል። በእንግሊዝ አገር የኪል ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ሃርትሊና ማርክ ትሩማን በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ንዑስ ርእስ ያለውንና የሌለውን ጽሑፍ እንዲያነቡ እያደረጉ አወዳድረው ነበር። ንዑስ ርእስ ያለው ጽሑፍ የሚፈለገውን ነገር ፈልጎ ለማግኘትም ሆነ ያነበቡትን ለማስታወስ ረዳ። ርእሱ በኅዳግ ይቀመጥ ወይም በጽሑፉ መካከል ይግባ፣ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የምንማረው ስለ አቀማመጡ ብዙ መከራከር እንደማያስፈልግ ነው፤ ክርክሩ በርእሱ ላይ ስለሚጻፉት ቃላት ይሁን።

፪. ክፍሎቹን በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በአንባቢው ሰዓት መክፈል

የቀድሞው መመሪያችን ቅደም ተከተሉን የወሰደው ከጽሕፈት ቤቶቹ ነበር፤ መጀመሪያ ሬጅስትራር፣ ቀጥሎ የተማሪዎች ዲን፣ ቀጥሎ ፋይናንስ፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት። ለጻፍነው ለእኛ ይህ ቀላል ነበር፤ ከየቢሮው ያመጣነውን ማስታወሻ በየተራ መገልበጥ ብቻ ነው። ችግሩ የተማሪው ጉዳይ በአንድ ቢሮ አለመጀመሩና በአንድ ቢሮ አለማለቁ ነው። ትምህርት አቋርጦ የሚሄድ ተማሪ ፎርሙን ከሬጅስትራር ይወስዳል፣ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያስፈርማል፣ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት ይመልሳል፣ ፍራሽና ቁልፍ ለዶርም ኃላፊ ያስረክባል። በእኛ መመሪያ እነዚህ አራት ሥራዎች በአራት ልዩ ልዩ ገጾች ተበትነው ነበር። በስምንተኛው ገጽ የነበረው ደንብ ለምን በቤተ መጻሕፍት ካርድ ሥር እንደገባ አሁን ግልጽ ነው፤ ያን ወረቀት ያመጣልን የቤተ መጻሕፍቱ ማስታወሻ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጽሑፍ ስንጀምር ብዕር ከማንሣታችን በፊት ጥያቄ ሰበሰብን። ሁለት ሁለት ሆነን በካፌው ደጅና በሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁትን በአፋቸው እንደወጣ፣ ቃሉን ሳናርም፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጻፍን። ከዚያ ቁራጮቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን “ይህን ጥያቄ ተማሪው የሚጠይቀው መቼ ነው?” እያልን ከፈልናቸው። በአምስት ክምር ተከፈሉ፤ ከቤት ሳይነሡ፣ ሲደርሱ፣ በትምህርት ጊዜ፣ አቋርጠው ሲሄዱ፣ ትምህርት ሲጨርሱ። እነዚህ አምስቱ ዋና ክፍሎቻችን ሆኑ። በየክምሩ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ደግሞ ንዑስ ርእሶቹ ሆኑ። ከእነዚህ ከሁለቱ ደረጃዎች በታች ሦስተኛ ደረጃ አላወጣንም፤ በሚባዛ ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ርእስ በዐይን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራልና።

የሰዓቱ ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንስጥ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በከሚሴ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮምቦልቻን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል። ከወልድያ የሚመጣው ግን መጀመሪያ ደሴን ያገኛል። ለቴክኖሎጂ ትምህርት ኮምቦልቻ የተመደበ የአዲስ አበባ ልጅ እስከ ደሴ ከተጓዘ፣ ሻንጣውን ይዞ ያንኑ ዳገት እንደገና ሊወርድ ነው። የቀድሞው መመሪያችን ይህን ጽፎት ነበር፤ የጻፈው ግን የደሴን መናኸሪያ፣ ፒያሳንና ቧንቧ ውሃን ከገለጸ በኋላ፣ “በኮምቦልቻ የተመደቡ ግን እዚያው መውረድ ነበረባቸው” በሚል አነጋገር ነው። አንባቢው እዚህ ዐረፍተ ነገር ሲደርስ ደሴ ደርሷል። አሁን “ከቤት ሳይነሡ” በሚለው ክፍል ውስጥ “የት እወርዳለሁ?” የሚል ንዑስ ርእስ አለ፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርም “ኮምቦልቻ የተመደቡ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ኮምቦልቻ ይውረዱ፤ ደሴ አይሂዱ” ይላል። ማስጠንቀቂያ ከሥራው በፊት እንጂ ከሥራው በኋላ አይጻፍም።

፫. “ስለ” የሚለው ቃል ያደረሰብን ጉዳት

ክፍሎቹን ካስተካከልን በኋላ በየክፍሉ ራስ ላይ ርእስ አኖርን። የመጀመሪያ ሙከራችን ይህን ይመስል ነበር፤

ስለ ምዝገባ አፈጻጸም
ስለ መኝታ ቤት አሰጣጥ
ስለ ትምህርት ማቋረጥና ስለ ዳግም ቅበላ ሁኔታ
ስለ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ጽሑፉን ለጓደኞቻችን ሰጥተን እንዲፈልጉ ስናደርግ አሁንም ተቸገሩ። ምክንያቱን ለማግኘት ወረቀቱን ራቅ አድርገን መመልከት ነበረብን። አራቱም ርእሶች በአንድ ቃል ይጀምራሉ። ከላይ እንዳልነው የሚቃኝ ዐይን የሚያርፈው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነውና፣ ያ ቃል በሁሉም ላይ አንድ ከሆነ ዐይን የሚለየው ነገር የለውም። የእንግሊዝኛን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ርእስን በትልልቅ ፊደል አጉልተው ማሳየት ይችላሉ፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ለእኛ የመጀመሪያው ቃል ሸክሙ ይበልጥ ከባድ ነው።

መድኃኒቱ ነገሩን ራሱን ፊት ማምጣት ነው። “ስለ ምዝገባ አፈጻጸም” የነበረው “ምዝገባ፤ የትና በምን ሰነድ” ሆነ። “ስለ መኝታ ቤት አሰጣጥ” የነበረው “ዶርም፤ ቁልፍ ከማን ይወሰዳል” ሆነ። በጥያቄ መልክ መጻፍም መልካም ነው፤ አማርኛም በዚህ ይረዳናል። “የጠፋ መታወቂያ እንዴት ይተካል?” ስንል የጠፋው መታወቂያ ፊት ነው፣ መጠይቁ ከኋላው ይመጣል። ከፈረንጅ መመሪያ የተተረጐመ የሚመስለው “እንዴት አድርጌ መታወቂያ ልተካ?” ግን መጠይቁን ፊት ያመጣና እንደገና ወደ “ስለ” በሽታ ይመልሰናል፤ ዐሥር ርእስ በ“እንዴት” ከጀመረ ዐሥሩም አንድ ነው።

“ስለ ልዩ ልዩ ጉዳዮች” የሚለውን ግን አሻሽለን አላስቀረነውም፤ ጨርሰን አጠፋነው። የሚጠይቀውን ነገር “ልዩ ልዩ” ብሎ የሚጠራ ተማሪ የለም። ይህ ርእስ የሚገኘው ጸሐፊው መክፈል በሰለቸበት ቦታ ነው፤ በውስጡ ያለውን ስናወጣ የታመመ ተማሪ የት እንደሚሄድ፣ የጠፋ መታወቂያ እንዴት እንደሚተካና ቤተሰብ ሲመጣ የት እንደሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ አንዱም ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

፬. የተማሪው ቃልና የጽሕፈት ቤቱ ቃል

ርእሱ ጥሩ ሆኖ ቃሉ የአንባቢው ካልሆነም ይሰወራል። የታማሚው ጓደኛ መመሪያውን ሲገልጥ ይፈልግ የነበረው ቃል “ዊዝድሮዋል” ነበር፤ ተማሪ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነውና። እኛ የጻፍነው “በጊዜያዊነት ከትምህርት ገበታ መለየት” ብለን ነበር። ዐሥራ ሦስተኛውን መሥመር ዐይኑ ቢያገኘው እንኳ ቃሉን አያውቀውም ነበር።

ለዚህ ነው ጥያቄዎቹን በአፋቸው እንደወጣ የጻፍነው። ርእሱ ተማሪው በሚናገረው ቃል ይጀምራል፤ ጽሕፈት ቤቱ በማስታወቂያውና በፎርሙ ላይ የሚጠቀምበት ስም ደግሞ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። ተማሪው በመስኮቱ ሲቆም ጸሐፊዋ የምትሰማውን ስም ማወቅ አለበትና። አንዴ “ዶርም” ያልነውንም በሌላ ገጽ “መኝታ ቤት”፣ በሦስተኛው “ማደሪያ” አንልም። በድርሰት ክፍል አንድን ቃል መደጋገም ነውር ነው ተብለን ተምረናል፤ በመመሪያ ውስጥ ግን ቃል የለወጠ ሰው ነገር የለወጠ ይመስላል።

፭. በርእሱ ሥር መልሱ ይቅደም

አሁን ያንኑ ደንብ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እናሳይ። የቀድሞው እንዲህ ይል ነበር፤

“የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለማግኘት እያንዳንዱ ተማሪ የመዋሻ ካርድ ሊኖረው የሚገባ ሲሆን፣ መጻሕፍትንም በተወሰነላቸው ቀን መመለስ ግዴታው ነው፤ በተለይም በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት በጊዜያዊነት ከትምህርት ገበታ የሚለዩ ተማሪዎች የተዋሱትን መልሰው በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ከላይ በተገለጸው መሠረት አስፈላጊውን ፎርም ሳይሞሉ የሄዱ እንደሆነ ለዳግም ቅበላ የማይታዩ መሆናቸውን እንገልጻለን።”

አዲሱ ይህ ነው፤

4.1 ዊዝድሮዋል፤ ትምህርት አቋርጦ መሄድ
የማቋረጫ ፎርም ሳይሞሉ ከግቢ አይውጡ፤ ያለ ፎርም የሄደ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት አይታይለትም። በጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ስሙ “ትምህርት ማቋረጥ” ነው።
1. ፎርሙን ከሬጅስትራር ይውሰዱ።
2. የትምህርት ክፍልዎን ኃላፊ ያስፈርሙ።
3. መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት፣ ቁልፍና ፍራሽ ለዶርም ኃላፊ አስረክበው ክሊራንስ ያስፈርሙ።
4. ፎርሙን ለሬጅስትራር መልሰው ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ይሂዱ።
በጣም ታመው መንቀሳቀስ ያልቻሉ እንደሆነ 4.2ን ይመልከቱ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በርዝመት አይደለም፤ አዲሱ እንዲያውም ይረዝማል። ልዩነቱ አንደኛ፣ መልሱ ከምክንያቱ በፊት መምጣቱ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ርእስ አንድ ጥያቄ ብቻ መያዙ ነው፤ የመዋሻ ካርዱ ጉዳይ ወደ ሦስተኛው ክፍል ሄዷል። ሦስተኛ፣ ክፍሉ በራሱ መቆሙ ነው። “ከላይ በተገለጸው መሠረት” የሚለው አነጋገር ከላይ ያለውን ላነበበ ብቻ የተጻፈ ነው፤ እየገለጠ የመጣ አንባቢ ከላይ የነበረውን አላየም። ወደ ሌላ ቦታ መላክ ግድ ከሆነ ቁጥሩን ጠርቶ መላክ ይገባል።

ስለ ቁጥር ካነሣን አይቀር፣ ሰውን ወደ ገጽ ሳይሆን ወደ ክፍል ቁጥር መላክ ይሻላል። ጽሑፉ በሌላ ወረቀት እንደገና ሲባዛ ገጹ ይለወጣል፤ 4.1 ግን 4.1 ሆኖ ይቀራል። ደሴ ያለ ተማሪ ኮምቦልቻ ላለው ጓደኛው በስልክ “አራት ነጥብ አንድን ተመልከት” ሊለው ይችላል። በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይም እነዚህ ቁጥሮችና ርእሶች ሁሉ በአንድ ዝርዝር ሰፍረዋል።

ስለ አጻጻፉ መልክ አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። ርእሱ ከላይ ካለው አንቀጽ ራቅ፣ ከሥሩ ካለው አንቀጽ ቀረብ ማለት አለበት፤ ከላይ ሁለት መሥመር ባዶ፣ ከታች አንድም ሳይዘለል። ከላይና ከታች እኩል ከራቀ የማን ርእስ እንደሆነ አይታወቅም። ከሥሩ ጽሑፍ ሳይከተለው በገጽ ግርጌ ብቻውን የቀረ ርእስም ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይዛወር።

፮. ፈተናው፤ ጥያቄ ሰጥቶ ዝም ማለት

ጸሐፊው የራሱን ርእስ መመዘን አይችልም፤ መልሱ የት እንዳለ ያውቃልና። ስለዚህ መመሪያውን ካላየ ተማሪ ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል። ከቁራጭ ወረቀቶቹ አምስት ጥያቄ ይመረጥና አንድ በአንድ ይሰጠዋል፤ “መልሱን በጣትህ አሳየን” ይባላል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። ለማስረዳት አፍ የከፈተ ጸሐፊ ፈተናውን አበላሸ፤ መመሪያው ዶርም ሲገባ ጸሐፊው አብሮት አይገባምና። እኛ አምስት ሰው ፈተንን፤ ከሦስተኛው በኋላ ስሕተቶቹ መደጋገም ጀመሩ።

የሚታየው ስሕተት ራሱ መድኃኒቱን ይናገራል። ጣቱ ትክክለኛውን ርእስ አልፎ ከሄደ ቃሉ የእሱ አይደለም። በሌላ ርእስ ላይ ካረፈና እዚያ ከፈለገ፣ ሁለቱ ርእሶች ተመሳስለዋል ወይም ነገሩ ያለ ቦታው ገብቷል። ርእሱን አግኝቶ ከሥሩ ብዙ ካነበበ መልሱ አልቀደመም። መልሱን አንብቦ ነገሩን በተሳሳተ መንገድ ከነገረን ደግሞ ችግሩ ከርእሱ ሳይሆን ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በእኛ ፈተና አንዲት እኅታችን “ምን ልብስ ላምጣ?” የሚለውን ጥያቄ በ“ሰነዶች” ሥር ፈለገች። ብርድ ልብስና አንሶላ ከምስክር ወረቀትና ከጉርድ ፎቶግራፍ ጋር በአንድ የጥሪ ማስታወቂያ ተዘርዝረው ስለምታውቃቸው ነው። እሷን ከመንቀፍ ርእሱን “የሚያመጡት ሰነድና ልብስ” አልነው። በዚያው ሥር የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት እንደሚለያዩ ጻፍን፤ ደሴ ከኮምቦልቻ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ትላለችና የሁለቱ ተማሪዎች ሻንጣ አንድ አይደለም።

፯. ንዑስ ርእስ የማይሠራበት

ርእስ ሁሉ ፈቃድ ነው፤ “ይህ የማይመለከትህ ከሆነ እለፍ” ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሊያልፈው የማይገባ ነገር በርእስ ሥር አይቀበርም። የዊዝድሮዋል ደንብ እንዲህ ካለው ነው። ጤነኛ ተማሪ በመስከረም ወር “አቋርጦ መሄድ” የሚል ርእስ ሲያይ ያልፈዋል፤ ሲታመም ደግሞ መመሪያውን ላይከፍተው ይችላል። እኛም በመጀመሪያው ገጽ፣ ከዝርዝሩ በላይ፣ በአራት ማዕዘን መሥመር አጥረን ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፍን፤ አንደኛው ፎርም ሳይሞሉ መሄድ እንደማይገባ ይናገራል። ሦስቱ ዐሥር ቢሆኑ ኖሮ ማንም አያነባቸውም ነበር።

ርእስ ሲበዛም ይረክሳል። በየሦስቱ መሥመር ርእስ ያለበት ገጽ ርእስ ከሌለበት ገጽ አይሻልም፤ ዐይን የሚያርፍበትን ያጣል። ክርክር የሚያቀርብ ጽሑፍ፣ ታሪክ የሚተርክ ጽሑፍ፣ አንዱ ሐሳብ ሌላውን ካልወለደ የማይገባ ጽሑፍም በንዑስ ርእስ ሲቈራረጥ ይጐዳል፤ አንባቢው ከመካከል ገብቶ መደምደሚያውን ብቻ ይዞ ይሄዳልና። ንዑስ ርእስ የሚያገለግለው ሰው ጥያቄ ይዞ ለሚመጣበት ጽሑፍ ነው።

አዲሱን መመሪያ ስናባዛ አምስቱን ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በአዲስ ቅጠል አስጀመርናቸው፤ አንዱ ክፍል ተገንጥሎ ቢወሰድ ሌላው እንዳይጐድል። በያዝነው መንፈቅ አንዱን የኮምቦልቻ ዶርም ስንጐበኝ አራተኛው ክፍል ከመመሪያው ተገንጥሎ በበሩ ጀርባ ተለጥፎ አየን። የለጠፈው ያ ዓመት የተቃጠለበት ጓደኛችን ነበር። በ4.1 ሥር በብዕር አንድ መሥመር ጨምሮበታል፤ ሬጅስትራር በምሳ ሰዓት ስለሚዘጋ የታመመ ሰው ጠዋት እንዲሄድ ይላል። እኛ ይህን አልጻፍነውም ነበር። ለሚቀጥለው ኅትመት በሦስተኛው መሥመር ሳይሆን በመጀመሪያው ተራ ቁጥር ላይ፣ ፎርሙን ውሰዱ ከሚለው ጋር አስገብተነዋል።